መኪናው ተሸጠ፣ ኢንሹራንሱስ? ውልን በደብዳቤ አቋርጦ የቀረውን አረቦን ማስመለስ

አዳማ ውስጥ በአንድ የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ለስምንት ዓመት ፖሊሲ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ውል ሊገባ የመጣ ሰው ወንበር ይሳብለታል። ሊያቋርጥ የመጣው ደግሞ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው» ይባላል። ክፋት ሆኖ አይደለም። ስረዛ ለቅርንጫፉ ገቢ መቀነስ ነው፣ ለሠራተኛው ደግሞ ምንም የማያስገኝ ሥራ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ከሌላው ሁሉ ሥር ይገባል።

ብዙ ሰው የሚያቋርጠው መኪና ሲሸጥ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ስለ እሱ ብቻ ነው፦ የግል መኪና፣ ኮምፕርሄንሲቭ ኢንሹራንስ፣ የዓመቱ አረቦን በሙሉ ተከፍሏል፣ ዓመቱ ሳያልቅ መኪናው ተሸጠ።

አንዲት መምህርት ነበረች። ቪትዟን ሸጠች። የሊብሬው ስም የዞረው ዓርብ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት ኢንሹራንሱን ላስገባላት ወኪል ደወለች። «አይጨነቁ መምህር፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» አላት። እሷም አልተጨነቀችም። ወኪሉ ግን ለማንም አልተናገረም። በአሥረኛው ቀን፣ ሰኞ የካቲት 3፣ ለራሷ ጉዳይ ወደ ከተማ ስትወጣ እግረ መንገዷን ወደ እኛ ብቅ አለች። ፋይሏ ላይ አንድም ነገር አልተጻፈም። ያ ስልክ ስንት እንዳስከፈላት ወደ ሒሳቡ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

በቃል የተባለ ነገር ለምን አይቆጠርም

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1725 የኢንሹራንስ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 1722 ደግሞ በተለየ ፎርም የተደረገ ውል ሲለወጥም በዚያው ፎርም ነው ይላል። ፖሊሲያችሁም ራሱ ስለ ማቋረጥ ሲናገር «ማስታወቂያ» የሚለው የጽሑፍ ማስታወቂያን ነው። በስልክ፣ በቴሌግራም ለወኪሉ በተላከ ድምፅ፣ ወይም በቅርንጫፉ በር ላይ በተባለ ቃል የተቋረጠ ውል አይቼ አላውቅም።

ወኪሉን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ወኪልም ሆነ ብሮከር የሚያገኘው ኮሚሽን ከአረቦኑ ነው። አረቦን ሲመለስ ኮሚሽኑም አብሮ ይቀነስበታል። ስለዚህ እግሩ ቢጎተት አይግረማችሁ። ንገሩት፣ ሰላም በሉት፣ ደብዳቤውን ግን ራሳችሁ ለኩባንያው ስጡ።

መጀመሪያ ፖሊሲውን አውጡ

አብዛኛው ፖሊሲ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሰው መሳቢያ ውስጥ ከቶ ይረሳዋል። አውጡትና መጨረሻ አካባቢ «ካንስሌሽን» የሚል ርዕስ ያለውን አንቀጽ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም። የሞተር ፖሊሲዎች ላይ የተለመደው ይዘት እንዲህ ነው፦

ኩባንያው ራሱ ውሉን ካቋረጠ፣ በአደራ ደብዳቤ የሰባት ቀን ማስታወቂያ ይሰጣችኋል፤ ያልተጠቀማችሁበትን ቀን በቀን ቆጥሮም ይመልሳል። እናንተ ካቋረጣችሁ፣ የሰባት ቀን ማስታወቂያ ትሰጣላችሁ፤ ኩባንያው ቀን በቀን ሳይሆን «በአጭር ጊዜ ተመን»፣ ማለትም በወር ደረጃ በተሠራ ሠንጠረዥ፣ ያስቀርና ተራፊውን ይመልሳል። ይህም በዚያ የውል ዘመን ካሳ ያልተጠየቀ ከሆነ ነው።

ከዚህ አንቀጽ ሦስት ነገር ነቅሳችሁ ያዙ፦ የማስታወቂያው ቀን ብዛት፣ የአጭር ጊዜ ተመን የሚለው ቃል፣ እና የካሳው ቅድመ ሁኔታ። የእናንተ ፖሊሲ ከዚህ የተለየ ከሆነ የሚገዛችሁ የእናንተው ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ሰውን በጣም ያናድዳል። ኅዳር ላይ የኋላ መስታወት ተሰብሮ ኩባንያው አስቀይሮላችሁ ከሆነ፣ የካቲት ላይ የሚመለስ ነገር ላይኖር ይችላል። የካሳ ጥያቄ ካላችሁ ለመመለሻ ብላችሁ አትድከሙ። ውሉን ግን አሁንም በጽሑፍ ዝጉት።

ሊብሬው ሳይዞር አትቸኩሉ

ሻጮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ብሩን ተቀበሉ፣ ቁልፉን ሰጡ፣ በማግስቱ ኢንሹራንስ አቋረጡ። ገዢው ግን ስም ለማዞር ሁለት ወር ይቆያል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። መሪውን ሌላ ሰው ቢይዘውም እንኳ። ገዢው በመካከሉ ሞጆ መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ፣ ተጎጂው መጀመሪያ የሚፈልገው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለውን ሰው ነው። «ሸጬዋለሁ» ብላችሁ መከራከር ትችሉ ይሆናል። ክርክሩን ግን ያለ ኢንሹራንስ ነው የምትገቡበት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የሽያጩ ውል ውልና ማስረጃ ይጸድቃል። ሊብሬው በገዢው ስም ይዞራል። የአዲሱን ሊብሬ ፎቶ ኮፒ ከገዢው ትቀበላላችሁ። ከዚያ ደብዳቤ ትጽፋላችሁ። ስም የሚዞርበት ቀን እርግጥ ከሆነ ደብዳቤውን ቀደም ብሎ አስገብቶ ሰባቱን ቀን ማስበላት ይቻላል። እኔ ግን ቀጠሮውን ስንቴ ሲፈርስ ስላየሁ አልመክርም።

መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ ፖሊሲው ላይ የባንኩ ስም አለ። ባንኩ ዕዳው ማለቁን ወይም ስረዛውን እንደማይቃወም የሚገልጽ ደብዳቤ ካልሰጠ ኩባንያው አይነካውም። ይህን ደብዳቤ ቀድማችሁ አስጽፉ። ቅርንጫፉ ካዘዛችሁ በኋላ ከጀመራችሁት ሳምንት ይበላል።

አንድ ሌላ መንገድም አለ። ሌላ መኪና እየገዛችሁ ከሆነ ውሉን አታቋርጡ። «ሽፋኑ ወደ አዲሱ መኪና ይዙርልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። የዋጋ ልዩነት ካለ ትጨምራላችሁ ወይም ይቀነስላችኋል፣ ከአጭር ጊዜ ተመኑ ግን ታመልጣላችሁ። መምህርቷ ሌላ መኪና የመግዛት ሐሳብ ስላልነበራት ይህ ለእሷ አልሆነም።

የሦስተኛ ወገኑ ስቲከር

የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአዋጅ ግዴታ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ይህን ደንግጓል። ያለ እሱ መኪና መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ስለዚህ ይህኛው ክፍል እንደ ኮምፕርሄንሲቩ «አልፈለግሁም» የሚባል አይደለም።

ከገዢው ጋር ተነጋገሩ። ወይ እሱ የራሱን ያስገባል፣ እናንተ የድሮውን ሰርተፍኬትና ስቲከር ትመልሳላችሁ። ወይ ደግሞ ኩባንያውን ስም እንዲያዞርለት አብራችሁ ትጠይቃላችሁ። ገዢው የራሱን ሳይዝ ስቲከሩን ከመስታወቱ ላይ ልጣችሁ አትውሰዱ። ከናዝሬት ወጥቶ የመጀመሪያው ትራፊክ ጋ ሲደርስ ለማን እንደሚደውል ታውቃላችሁ።

 

ቀኑን እንዴት እንደምትጽፉ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ያየሁት ጭቅጭቅ ግማሹ ከቀን የመጣ ነው።

የኩባንያው ሲስተም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሠራው። እናንተ የምትጽፉት በኛ አቆጣጠር ነው። አንድ ደንበኛ ደብዳቤው ላይ «ከ03/06/2017 ጀምሮ ይቋረጥልኝ» ብሎ ጻፈ። እሱ የካቲት 3 ማለቱ ነው። ሲስተሙ ላይ የምታስገባው ልጅ ግን እንደ ፈረንጅ አነበበችው፤ ጁን፣ ያውም ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት ሆነባት። ግራ ገባት፣ ደብዳቤውን ወደ ጎን አደረገችው። ለሁለት ሳምንት እዚያው ተቀመጠ። ስለዚህ ወሩን በስሙ ጻፉ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አድርጉ፦ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.)።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ፖሊሲው «እኩለ ሌሊት» ይላል። በኛ ቋንቋ «የካቲት 10 ከሌሊቱ 6 ሰዓት» ሲባል ለየካቲት 10 አጥቢያ ያለው ሌሊት ነው? ወይስ የካቲት 10 መሽቶ የሚመጣው? ሁለቱም ሊባል ይችላል፣ መካከላቸው ግን ሙሉ አንድ ቀን አለ። ሰዓቱን ተዉትና እንዲህ በሉ፦ «የሽፋኑ የመጨረሻ ቀን የካቲት 10 ይሁን፤ ከየካቲት 11 ጀምሮ ውሉ የተቋረጠ ይሁን።» ይህን ማንም ሁለት መንገድ አያነበውም።

ሦስተኛው ሰባቱን ቀን መቁጠር ነው። ደብዳቤው ገቢ የሆነበትን ቀን አትቁጠሩት። ሰኞ የካቲት 3 ገቢ ከሆነ፣ ማክሰኞ አንድ ብላችሁ ትጀምሩና ሰኞ የካቲት 10 ሰባት ይሞላል። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀንም፣ እናንተ የጻፋችሁበት ሌሊትም ዋጋ የላቸውም። የሚቆጠረው እነሱ እጅ የገባበት ቀን ነው።

«በአስቸኳይ ይቋረጥልኝ» አትበሉ። አስቸኳይ ቀን አይደለም። ጉዳዩን የያዘው ሰው ሥራውን የሠራበትን ቀን ያስገባላችኋል።

ደብዳቤው

አንድ ገጽ ይበቃል። ለምን እንደሸጣችሁ፣ ኑሮ እንዴት እንደተወደደ፣ ስንት ዓመት ታማኝ ደንበኛ እንደነበራችሁ መጻፍ አያስፈልግም። በእኛ ቅርንጫፍ በፍጥነት ያለቁት ደብዳቤዎች እንዲህ ያሉ ነበሩ፦

> ቀን፦ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.)
>
> ለ ________ ኢንሹራንስ፣ አዳማ ቅርንጫፍ
> አዳማ
>
> ጉዳዩ፦ የፖሊሲ ቁጥር ________ እንዲቋረጥና ያልተጠቀምኩበት አረቦን እንዲመለስልኝ ስለ መጠየቅ
>
> የታርጋ ቁጥሩ ________፣ የቻሲ ቁጥሩ ________ ለሆነው መኪናዬ ከጥቅምት 1 ቀን 2017 እስከ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም. (ከኦክቶበር 11 ቀን 2024 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) የሚቆይ የኮምፕርሄንሲቭ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ። መኪናው ተሽጦ የባለቤትነት ስሙ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ዞሯል።
>
> በፖሊሲው የማቋረጫ አንቀጽ መሠረት ይህን የሰባት ቀን ማስታወቂያ ሰጥቻለሁ። የሽፋኑ የመጨረሻ ቀን የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) ሆኖ፣ ከየካቲት 11 ጀምሮ ውሉ እንዲቋረጥ እጠይቃለሁ። በዚህ የውል ዘመን ያቀረብኩት የካሳ ጥያቄ የለም።
>
> እንዲሁም፦ ውሉ የተቋረጠበት ቀንና የሚመለሰው ገንዘብ የተጻፈበት ኢንዶርስመንት፣ የአረቦኑ አመላለስ ስሌት ከአጭር ጊዜ ተመኑ ጋር፣ እና ከካሳ ነፃ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ገንዘቡ በስሜ በተከፈተው የ________ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ________ ገቢ ይደረግልኝ።
>
> አባሪ፦ የፖሊሲው ዋና ቅጂ፣ የአረቦን ደረሰኝ ኮፒ፣ የአዲሱ ሊብሬ ኮፒ፣ የመታወቂያ ኮፒ
>
> ስምና ፊርማ፣ ስልክ
>
> ግልባጭ፦ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ አዲስ አበባ

ሁለት ነገር ላብራራ። የፖሊሲውን ዋና ቅጂ ከመስጠታችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ኮፒ አድርጉ። የማቋረጫው አንቀጽ ያለው እሱ ላይ ነው፣ ክርክር ከመጣ በእጃችሁ መኖር አለበት። ግልባጩ ደግሞ ጌጥ አይደለም። ብዙ ቅርንጫፍ ስረዛን ብቻውን አይጨርስም፣ አዲስ አበባ ያጸድቅለታል። ዋናው መሥሪያ ቤት ወረቀቱን ካየው ቅርንጫፉ «አልደረሰንም» ለማለት ይከብደዋል።

ስሙ ፖሊሲው ላይ ያለው ራሱ ይሁን። ፖሊሲው በባለቤታችሁ ስም ከሆነ ፈራሚዋም የባንክ ሒሳቡም የእሷ ነው። በውክልና የምታስፈጽሙ ከሆነ፣ ውክልናው ገንዘብ መቀበልን በግልጽ መጥቀሱን እዩ። ውክልናው መኪና ለመሸጥ ብቻ የተሰጠ ስለሆነ ተመላሽ ሳይከፈለው የተመለሰ ሰው አስታውሳለሁ።

ማስረከብ

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። መዝገብ ቤት ወይም ጸሐፊዋ ጋ አስገቡ። በእናንተ ኮፒ ላይ አራት ነገር መኖር አለበት፦ የገቢ ቁጥር፣ ገቢ የሆነበት ቀን፣ የተቀባዩ ስምና ፊርማ፣ የቅርንጫፉ ማኅተም።

«ማኅተሙ ኃላፊው ጋ ተቆልፎበታል» ትባሉ ይሆናል። ያለ ማኅተም ትታችሁ አትሂዱ። ጠብቁ፣ ወይም ከሰዓት ተመለሱ። ቢቀር ቢቀር በገቢ መዝገቡ ላይ ሲመዘገብ አይታችሁ ቁጥሩን ጻፉ፣ የተቀበለውን ሰው ስም ከነፊርማው አስጽፉ። ፈጽሞ አልቀበልም ካሉ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በአደራ ላኩት፣ የፖስታ ደረሰኙን ያዙ። በዚህ ጊዜ ደብዳቤው የሚደርስበትን ጥቂት ቀን ጨምራችሁ የመቋረጫውን ቀን አዘግዩት። አለበለዚያ ሰባቱ ቀን ጎደለ ይሏችኋል።

ሒሳቡ

አሁን ወደ መምህርቷ እንመለስ። የኮምፕርሄንሲቭ አረቦኗ 29,200 ብር ነበር። አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን ክፍያ ደረሰኙ ላይ ለብቻው ስለነበር አላስገባሁትም። ቴምብርም ውጭ ነው። ቴምብር ለመንግሥት የሚገባ ስለሆነ ኩባንያው የሚመልሰው የለውም።

ውሉ ከኦክቶበር 11 እስከ ፌብሩዋሪ 17 ሲቆጠር 130 ቀን ሠራ። ቀረ 235 ቀን። 29,200 ለ365 ሲካፈል በቀን 80 ብር ነው። ቀን በቀን ቢሆን 235 ጊዜ 80፣ ማለትም 18,800 ብር ይመለስላት ነበር። እሷም ቤቷ ሆና ያሰላችው ይህን ነው። ብዙ ሰውም ይህን አስልቶ ይመጣና ከጸሐፊዋ ጋር ይጣላል።

አቋራጩዋ ግን እሷ ናት። ስለዚህ የሚሠራው የአጭር ጊዜ ተመን ነው። ይህ ተመን ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፣ የእናንተን ሠንጠረዥ ጠይቃችሁ ማየት አለባችሁ። ለምሳሌ እንዲሆን፣ እስከ አራት ወር ለሠራ ውል ከዓመቱ አረቦን 60 በመቶ፣ እስከ አምስት ወር 70 በመቶ፣ እስከ ስድስት ወር 80 በመቶ የሚያስቀር ሠንጠረዥ እንውሰድ። ዋናው ነገር ደረጃ ደረጃ መሆኑ ነው። አዲሱ ወር ውስጥ አንድ ቀን ከገባችሁ የሙሉውን ወር ትከፍላላችሁ።

አራተኛው ወሯ የሞላው ፌብሩዋሪ 10፣ የካቲት 3 ነው። እሷ ደብዳቤ ያስገባችው በዚያው ቀን ነው። ሰባቱ ቀን ሲጨመር ወደ አምስተኛው ወር ገባች። ስለዚህ ኩባንያው 70 በመቶ፣ ማለትም 20,440 ብር አስቀርቶ 8,760 ብር መለሰላት።

ዓርብ ጥር 23 ለወኪሉ ከመደወል ይልቅ ሰኞ ጥር 26 ደብዳቤ አስገብታ ቢሆንስ? ሰባቱ ቀን የካቲት 3 ላይ ይሞላል። በአራተኛው ወር ውስጥ ነች። የሚቀረው 60 በመቶ፣ 17,520 ብር፤ የሚመለስላት 11,680 ብር ይሆን ነበር። የስልኩ ዋጋ 2,920 ብር ነው።

ከዚህ የምታወጡት ሥራ ግልጽ ነው። ውላችሁ በየወሩ የሚሞላበትን ቀን ፖሊሲው ላይ እዩ። ከዚያ ቀን ሰባት ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሊብሬው ዞሮላችሁ ከሆነ ደብዳቤው እስከዚያ ቀን ድረስ ይግባ። የወሩ መሙያ ቀን ካመለጣችሁ ደግሞ ለቀጣዩ ብዙ ቀን ስላለ እንደ እብድ መሮጥ የለባችሁም፤ በዚያ ወር ውስጥ መጀመሪያም መጨረሻም አንድ ነው።

በመጨረሻዎቹ ወራት ግን ሠንጠረዦች ብዙ ጊዜ የዓመቱን ሙሉ ያስቀራሉ። ስምንትና ዘጠኝ ወር የሠራ ውል ከሆነ መጀመሪያ ሠንጠረዡን ጠይቁ፤ ምንም የማይመለስ ከሆነ እስኪያልቅ መተውም ያው ነው።

በእጃችሁ መግባት ያለባቸው ወረቀቶች

ማኅተም ያለበት የደብዳቤው ኮፒ ጥያቄ ማቅረባችሁን ያሳያል። ውሉ መቋረጡን ግን አያሳይም። መቋረጡን የሚያሳየው ኢንዶርስመንቱ ነው፤ ፖሊሲው ላይ የሚቀጠል፣ ቁጥር ያለው፣ በኩባንያው የተፈረመ ወረቀት። ከእሱ ጋር የሚመለሰውን ገንዘብ የሚያሳይ ክሬዲት ኖት ይወጣል። ከዚያ ቼኩ ወይም የባንክ ዝውውሩ ይመጣል።

ኢንዶርስመንቱ ሲሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። የመምህርቷ ወረቀት አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰው ሐሙስ መጋቢት 4 ነበር። የመቋረጫው ቀን ተብሎ የተጻፈውም ማርች 13፣ ያው መጋቢት 4 ነው። የያዘው ሰው ቀኑን ደብዳቤው ላይ አላየም፣ ሥራውን የጨረሰበትን ቀን ነው ያስገባው። በዚያ ቀን ከሆነ ስድስተኛው ወር ውስጥ ገብታለች፤ 80 በመቶ ይቀራል፣ 5,840 ብር ብቻ ይመለሳል።

እሷ አልተጨቃጨቀችም። የገቢ ማኅተም ያለበትን ኮፒ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «እዚህ ላይ የካቲት 10 ይላል» አለች። ገቢ የሆነው የካቲት 3 መሆኑ በራሳችን ማኅተም ተጽፏል። ኢንዶርስመንቱ ታርሞ ሌላ ወጣ፣ ክሬዲት ኖቱም 8,760 ሆነ። ማኅተሙን ሳታስመታ ሄዳ ቢሆን ኖሮ እኔም ልረዳት የምችልበት መንገድ አልነበረም።

ስለዚህ ኢንዶርስመንቱ ላይ የፖሊሲውን ቁጥር፣ ታርጋውን፣ የመቋረጫውን ቀን እና የብሩን መጠን አመሳክሩ። ስህተት ካለ በእስክሪብቶ ተሰርዞ እንዲስተካከል አትፍቀዱ፤ እንደገና ይውጣ።

ከካሳ ነፃ መሆናችሁን የሚገልጸውን ደብዳቤ አትርሱት። ነገ ሌላ መኪና ገዝታችሁ ሌላ ኩባንያ ብትሄዱ ቅናሽ የምትጠይቁበት እሱ ነው። ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ብትጠይቁ ፋይላችሁ ስቶር ውስጥ ገብቶ ይሆናል።

ዝም ካሉ

ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ ምንም ካልተሰማ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ጠቅሳችሁ ማስታወሻ ጻፉ። እሱንም ገቢ አስደርጉ። አሁንም ዝም ከተባለ ለዋናው መሥሪያ ቤት በቀጥታ ጻፉ፣ የሁለቱን ኮፒ አባሪ አድርጉ። ከአዳማ አዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አንድ ጠዋት ተነስቶ በአካል ማስገባት ከአሥር ስልክ ይሻላል።

ከዚያ ያለው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ፈቃድም ቁጥጥርም በእሱ ሥር ነው። ኩባንያው መልስ አልሰጠኝም የምትሉበት ማስረጃ እነዚያ ማኅተም ያለባቸው ኮፒዎች ናቸው፤ ያለ እነሱ አቤቱታው ወሬ ነው። በሕጉ ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይዘጋል፣ ስለዚህ «ሲመቸኝ» እያላችሁ አታቆዩት።

መምህርቷ ብሩ ባንክ የገባላት መጋቢት 16 ነው። ወኪሉ በዚያው ሳምንት ደውሎ «መምህር፣ እንዳልኩዎት አስጨረስኩልዎት» አላት።